«ኪሳራ የሌለው ንግድ»

 

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የምትልኩልኝ ጥያቄ እየተመሳሰለ መጥቷል። «50 ሺህ ብር ካስገባሁ በየወሩ 10 ሺህ ብር ይሰጡኛል፤ ዋስትና አለው ይላሉ። ሐላል ነው ወይ?» እኔ ፈትዋ ሰጪ አይደለሁም፤ እሱ የዑለሞች ሥራ ነው። ግን ከሐላልና ሐራሙ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ 10 ሺዋ ብር የምትመጣው ከየት ነው? ይህን ጥያቄ በታሪክ ልመልሰው።

ሰውየውን ሰዒድ እንበለው። ስሙም ገጠመኙም ለምሳሌ የተቀናበረ ነው። በውስጡ ያለውን ሒሳብ ግን ስልካችሁን አውጥታችሁ እየደመራችሁ ልትፈትሹት ትችላላችሁ።

ሰዒድ የሚሠራው መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ነው። ከአባቱ የወረሳት ጠባብ ሱቅ አለችው። ከሀላባና ከማረቆ የሚመጣውን ዛላ በርበሬ በጆንያ ይገዛል፤ ለባልትና ቤቶችና አስፈጭተው ለሚሸጡ ሴቶች ያከፋፍላል። ሥራውን ያውቀዋል። አዲሱ ምርት ሲገባ ዋጋው ይወርዳል፤ ክረምት ሲመጣ ይወጣል፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ እንዳሰኘው ይሆናል። በርበሬ መጋዘን ውስጥ ሲከርም ይደርቅና ኪሎው ይጎድላል። እርጥበት ካገኘው ይሻግታል። አንዳንድ ወር ሰዒድ ደህና ያተርፋል፤ አንዳንድ ወር ደግሞ ኪራይ ከፍሎ ባዶ እጁን ቤቱ ይገባል።

አንድ ቀን ከዐስር በኋላ፣ በልጅነቱ አንድ መድረሳ አብሮት የቀራ ጓደኛው ሱቁ መጣ።

«ሰዒዴ፣ ኪሳራ የሌለው ንግድ አገኘሁልህ» አለው። «ድርጅቱ ከዱባይ ስልክ እያስመጣ ይሸጣል። አንተ 50 ሺህ ታስገባለህ፤ በየወሩ 20 በመቶ ይሰጡሃል። 10 ሺህ ብር፣ ዋስትና ያለው። ሰው ካመጣህ ደግሞ ካስገባው ላይ 10 በመቶው ያንተ ነው።»

«ወለድ አይሆንም?»

«ብድር መቼ ሆነና! ሙዷረባ ነው። እነሱ ይሠራሉ፣ እኛ ገንዘብ እናቀርባለን። ወላሂ እኔ ራሴ አራት ወር ተቀብያለሁ።»

ልብ በሉ፤ ይህ ልጅ አልዋሸም። በአላህ ስም የማለው እውነት ነው፤ አራት ወር ተቀብሏል። እንዲህ ዓይነት ነገር ብዙ ጊዜ ወደ እኛ የሚመጣው በቀጣፊ አፍ ሳይሆን፣ አምኖ በገባና በሚወደን ሰው አፍ ነው። መስጊድ አብሮን የሚሰግድ፣ የአጎት ልጅ፣ የዶርም ጓደኛ። ድርጅቱ ለማስታወቂያ ሳንቲም አያወጣም፤ የእኛ መተማመን ማስታወቂያ ሆኖለታል።

ሰዒድ 50 ሺህ አስገባ። ወር ሲሞላ 10 ሺህ ብር ስልኩ ላይ ገባለት። በሁለተኛውም ገባ፤ በሦስተኛውም። በመሀሉ፣ ጎኑ ዝንጅብልና እርድ የሚሸጡትን እትዬ ዘሀራን አስገባቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጆቻቸውን በዚያች መደብ የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። እሳቸውም 50 ሺህ ከፈሉ፤ ሰዒድ ላይ 5 ሺህ ብር ኮሚሽን ገባ። እትዬ ዘሀራ ሁለት ጊዜ ከተከፈላቸው በኋላ፣ በየጠዋቱ ሱቁን ሲከፍት ዱዓ ያደርጉለት ጀመር።

ከዚያ እህቱ ከሪያድ ደወለች። ሰው ቤት ተቀጥራ ለዓመታት ያጠራቀመችውን 300 ሺህ ብር በባንክ ልካለታለች። «አንተ ጋር ይቀመጥልኝ፣ ወንድሜ። ስመለስ ትንሽ ነገር እጀምርበታለሁ።»

ሰዒድ ሌሊቱን አሰበ። 300 ሺህ ሲገባ በየወሩ 60 ሺህ ይወጣል። እህቴ ስትመጣ ገንዘቧን እጥፍ አድርጌ ባስረክባትስ? ሳይነግራት ሊያስገባው ወሰነ።

በማግስቱ ጁምዓ ነበር። አንዋር መስጊድ ሰግዶ ሱቁን ሲከፍት፣ የአባቱ ወዳጅ የነበሩ ሐጂ በርበሬ ሊገዙ መጡ። እኚህ ሰው ከላይ ያለውን ዛላ አይተው አይገዙም። እጅጌያቸውን ሰብስበው እጃቸውን እስከ ጆንያው ሥር ይሰዳሉ። በርበሬ በኪሎ ስለሚሸጥ ውሃ እየረጨ ክብደት የሚያስጨምር አይጠፋምና፣ እርጥቡ የሚደበቀው ከሥር ነው። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ አስገብተው እርጥበት እንዳገኙና ሻጩን እንደገሠጹት በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበውን ታስታውሳላችሁ።

ሰዒድ ደስታውን መያዝ አቅቶት ነገራቸው። ሐጂ እጃቸውን ከጆንያው ሳያወጡ ሰሙት።

«ዋስትና አለው ነው ያልከኝ?»

«አዎ ሐጂ። በየወሩ ሳይዛነፍ።»

«እንግዲያው ለእኔም አንተ ዋስትና ስጠኝ። አሁን 50 ሺህ ብር ልቁጠርልህና በበርበሬህ ነግድበት። በየወሩ 10 ሺህ ብር ትሰጠኛለህ?»

ሰዒድ ሳቀ። «ሐጂ ደግሞ! እንዴት አድርጌ? በርበሬው ቢሻግትስ? ዋጋው ቢወርድስ?»

«ስልክስ? ዋጋው አይወርድም? ጉምሩክ አይዘገይም? ዶላር አይጨምርም? አዲስ ሞዴል ሲወጣ አሮጌው መደርደሪያ ላይ አይቀርም?»

ሰዒድ ዝም አለ።

«አየህ፣ እየነገደ የሚያድር ሰው ቁርጥ ያለ ትርፍ ቃል ሊገባልህ አይችልም፤ የሚመጣው ወር ምን ይዞ እንደሚመጣ አያውቅማ። ቃል መግባት የሚችለው የሚከፍልህን ከንግዱ የማያመጣው ሰው ብቻ ነው። ከየት እንደሚያመጣው ላሳይህ።»

ሐጂ አሥር ዛላ አንስተው በካርቶን ላይ ደረደሩ። እያንዳንዱ ዛላ አንድ ሰው ያስገባው 50 ሺህ ብር ነው። አሥር ሰው፣ 500 ሺህ ብር። «አሁን ሰውየው አንድም ስልክ አላስመጣም እንበል። ገንዘቡን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ተቀምጧል። ወሩ ሞላ። ለአሥሩ ሰው አሥር አሥር ሺህ ይከፍላል፤ 100 ሺህ ብር። ስንት ዛላ ይነሳል?»

«ሁለት።»

ሁለት አነሱ። ሁለተኛው ወር፤ ሁለት አነሱ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው። ካርቶኑ ባዶ ሆነ።

«አምስት ወር ሙሉ ስንት ስልክ ተሸጠ?»

«አንድም።»

«ያልተከፈለው ሰው አለ?»

«የለም። ሁሉም ተከፍሏቸዋል።»

«ታዲያ ጓደኛህ አራት ወር ተቀብያለሁ ብሎ መማሉ የምን ማስረጃ ነው?»

ሰዒድ ሦስት ወር የተቀበላትን 30 ሺህ ብር አሰበ። ትርፍ መስላው ነበር። የራሱ 50 ሺህ ብር ተቆራርሳ እየተመለሰችለት እንደሆነስ?

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙዎቻችን የምንታለለው እዚህች ነጥብ ላይ ነው። «ይከፍላሉ እኮ! ስክሪንሾቱን እየው!» እንላለን። በወር 20 በመቶ የሚከፍል ሰው ምንም ሳይሠራ፣ የገዛ ገንዘባችሁን እየመለሰ አምስት ወር መክፈል ይችላል። ስለዚህ የአምስት ወር ክፍያ ስለ ንግዱ ምንም አይነግራችሁም። ጥያቄው ስድስተኛው ወር ላይ ነው።

በስድስተኛው ወር መሳቢያው ባዶ ነው፤ አሥሩ ሰዎች ግን 100 ሺህ ብር ይጠብቃሉ። ሁለት አዲስ ሰው መምጣት አለበት። መጡ፤ የሁለቱ ሰዎች 100 ሺህ ለአሥሩ ተከፋፈለ። በሰባተኛው ወር ተከፋዮቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ 120 ሺህ ብር ያስፈልጋል። አሁን ሁለት ሰው አይበቃም። ዘዴው እንዳይቆም የአባላቱ ቁጥር በየወሩ ባለው ላይ አንድ አምስተኛ መጨመር አለበት። አንድ አምስተኛ ትንሽ ትመስላለች። አሥር ሰው ሆኖ የጀመረው ከዓመት በኋላ 89 ገደማ መሆን አለበት፤ ከሁለት ዓመት በኋላ 795፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ከ7 ሺህ በላይ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ከ63 ሺህ በላይ። ይህ ሁሉ ደግሞ ባለቤቱ ለራሱ አንድ ሳንቲም ካልወሰደ፣ ለኮሚሽን ምንም ካልወጣ፣ ማንም ደግሞ «ዋናዬን መልሱልኝ» ካላለ ነው። ባለቤቱ መኪና ሲገዛማ መሳቢያው ቶሎ ይደርቃል። ኮሚሽኑም የተፈለገው ለዚሁ ነው። እውነተኛ ስልክ አስመጪ ስልክ የሚገዛው ይፈልጋል እንጂ፣ ገንዘብ የሚያስገባ ሰው ለማምጣት 10 በመቶ አይከፍልም።

ከዚሁ ሒሳብ አንድ ሌላ ነገር ይወጣል፤ እኔን በጣም የሚያስጨንቀኝም እሱ ነው። አባላቱ በየወሩ በአንድ አምስተኛ ካደጉ፣ በየትኛውም ቀን ብትቆጥሯቸው ከአሥሩ ስድስት ያህሉ የገቡት ባለፉት አምስት ወራት ውስጥ ነው። ያስገቡትን ያህል እንኳ ገና አልተቀበሉም ማለት ነው። ዘዴው በየትኛውም ቀን ቢወድቅ፣ ከግማሽ በላዩ ሰው ከስሮ ይቀራል። ቀድሞ የወጣ ሰው ሊያተርፍ ይችላል፤ እውነት ነው። ያተረፈው ግን የማንን እንደሆነ አሁን አወቃችሁ። ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ እርስ በርስ ገንዘባችንን ያለ አግባብ እንዳንበላ ሲከለክል፣ በመፈቃቀድ የሚደረገውን ንግድ ለይቶ የተወው እንዲህ ያለውን መብላት ከንግድ እንድንለየው ነው ብዬ አስባለሁ።

ወደ ሱቁ እንመለስ። ሐጂ አልጨረሱም።

«በቴሌግራሙ ስንት ሰው ነን ይላሉ?»

«3 ሺህ።»

«እያንዳንዱ 50 ሺህ ካስገባ 150 ሚሊዮን ብር ነው። የወሩ 20 በመቶ 30 ሚሊዮን ይሆናል። አንድ ስልክ ተሽጦ 2 ሺህ ብር ቢያተርፍ፣ በየወሩ 15 ሺህ ስልክ መሸጥ አለባቸው። 15 ሺህ ስልክ! የት ነው መጋዘናቸው? የትኛው ሱቅ ነው ከእነሱ ወስዶ የሚያከፋፍለው? የስልክ ነጋዴዎቹ እኮ እዚሁ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ሂድና ጠይቃቸው።»

ሰዒድ ጠየቀ። ሦስት የስልክ ነጋዴዎች ዘንድ ሄደ፤ ከዚያ ድርጅት አንድ ስልክ የተረከበ አላገኘም።

ሐጂ ሳያውቁት የተጠቀሙበት ዘዴ ከመቶ ዓመት በፊት አንድን በዓለም የታወቀ አጭበርባሪ አጋልጧል። እ.ኤ.አ. በ1920 ቻርልስ ፖንዚ የተባለ ሰው አሜሪካ፣ ቦስተን ከተማ ውስጥ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ ብሎ ሕዝቡን አሰለፈ። ትርፉ የሚመጣው በአንድ አገር በርካሽ ገዝቼ በሌላው ከምመነዝረው ዓለም አቀፍ የፖስታ ኩፖን ነው ይል ነበር። አንድ የገንዘብ ጉዳይ ጋዜጠኛ ተቀምጦ ሲያሰላው፣ የተሰበሰበውን ገንዘብ ሥራ ላይ ለማዋል 160 ሚሊዮን ኩፖን ያስፈልግ ነበር። በዓለም ላይ በእጅ የሚዘዋወረው ግን 27 ሺህ ገደማ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለው ማጭበርበር እስከ ዛሬ በእሱ ስም «ፖንዚ» ይባላል። ፒራሚድ የሚባለው የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ልዩነቱ፣ በፒራሚድ አዲስ ሰው የማምጣቱ ሥራ በግልጽ በአባላቱ ላይ መጣሉ ነው። የሰዒዱ ድርጅት፣ እንደ ዛሬዎቹ ብዙዎቹ፣ ሁለቱን አደባልቋል። ትርፉ ከንግድ ነው ይላል፤ ሰውም አምጡ ይላል።

አሁን «ሙዷረባ ነው» ወደሚለው ቃል ልሂድ፤ ብዙ ወጣት ሙስሊም ልቡ የሚረጋው በዚህች ቃል ነው። ሙዷረባ አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ጉልበትና ሙያ አምጥተው የሚሠሩት ሽርክና ነው። የሚስማሙት በትርፉ ድርሻ ነው፤ ለምሳሌ ከተገኘው ትርፍ 60 በመቶው ለሠራተኛው፣ 40 በመቶው ለገንዘቡ ባለቤት። ትርፍ ከሌለ የሚካፈሉት የለም። ሠራተኛው ሳያጠፋ ኪሳራ ከመጣ ከገንዘቡ ባለቤት ይጎድላል፤ ሠራተኛው ደግሞ ድካሙን ያጣል። ከሁለቱ አንዱ ለራሱ የተቆረጠ የገንዘብ መጠን ቢያስቀምጥ ውሉ ውድቅ እንደሚሆን ዑለሞች የተስማሙበት ነገር መሆኑን ኢብኑል ሙንዚር ዘግበዋል። እንግዲህ «በየወሩ 10 ሺህ፣ ዋስትና ያለው ሙዷረባ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ራሱን በራሱ ያፈርሳል። ዋስትና ካለው ሙዷረባ አይደለም። ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት የምትጠቀሙ ውላችሁን አውጥታችሁ እዩ፤ የሙዷረባ ሒሳብ ላይ የምታገኙት የድርሻ ስምምነት ነው፤ ዋስትና ያለው የብር ቁጥር አታገኙም።

«ታዲያ መደበኛ ባንክም ወለዱን ቁርጥ አድርጎ ይናገራል፤ እሱም ፒራሚድ ነው?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አይደለም፤ ወለድ ለእኛ በሌላ ምክንያት የተከለከለ ነው። ባንክ ንብረት አስይዞ ካበደረው ላይ ነው የሚከፍለው፤ ስለዚህ የሚሰጠው ትንሽና በዓመት የሚታሰብ ነው። አስጠንቃቂው ምልክት ሁለቱ ሲገናኙ ነው፤ ትርፉ ትልቅ፣ ኪሳራው ደግሞ የለም ሲባል። በወር 20 በመቶ፣ ትርፉን እየመለሱ ቢያስገቡት፣ 50 ሺህ ብርን በሦስት ዓመት ከ35 ሚሊዮን በላይ ያደርሰዋል። እንዲህ ያለ ንግድ የያዘ ሰው የራሱን 50 ሺህ አስገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል እንጂ፣ የዝንጅብል ነጋዴ በር እያንኳኳ አይለምንም።

እቁብስ? እቁብም የሚከፍለው ከአባላቱ ገንዘብ ነው። ግን እቁብ ትርፍ ቃል አይገባም፤ የአባላቱ ቁጥር የታወቀ ነው፤ እያንዳንዱ የጣለውን ያህል ያነሳል፤ ዙሩም ያልቃል። አዲስ ሰው ካልመጣ የሚፈርስ እቁብ አልሰማሁም። ስሙን «ዲጂታል እቁብ» ብሎ ትርፍ የሚጨምርበት ካጋጠማችሁ ግን እቁብ አይደለም።

ሃይማኖታዊ ስም ሒሳቡን እንደማይለውጥ በቅርብ ያየነው ግብፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አል-ረያንን የመሳሰሉ ድርጅቶች «ኢስላማዊ የገንዘብ ሥራ» እያሉ የሕዝብ ገንዘብ ይሰበስቡ ነበር። ባህር ማዶ የሠሩ ግብፃውያን ላባቸውን አስገቡ፤ በዓመት 24 በመቶ ገደማ ይከፈላቸው ነበር። በ1988 መንግሥት እነዚህን ድርጅቶች የሚቆጣጠር ሕግ ሲያወጣ፣ የአል-ረያን መሳቢያ ባዶነት ታየ። ባለቤቱ ታሰረ፤ ገንዘብ አስገቢዎቹ የቀረችውን ለማግኘት ዓመታት ጠበቁ። ልብ በሉ፣ ያ በዓመት 24 ነው። እኛ የምናወራው በወር 20 ነው።

ሰዒድ በዚያው ምሽት ጓደኛውን ጠራውና ነገረው። ልጁ ተቆጣ፤ የድርጅቱን ንግድ ፈቃድ ፎቶ ላከለት። ማኅተም አለው። ግን ፈቃዱ ስልክ ለማስመጣት ነው። ከሕዝብ ተቀማጭ ገንዘብ ለመሰብሰብ የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሕዝብን የኢንቨስትመንት ድርሻ ለመሸጥ ደግሞ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን አለ። ሰው በማምጣት የሚከፈልበትን የፒራሚድ ሽያጭም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ከልክሎታል። የስልክ ፈቃድ ይህን ሁሉ አይሸፍንም።

በነጋታው ሰዒድ ዋናውን እንዲመልሱለት ጻፈ። መልሱ በጨዋ አማርኛ መጣ፤ «ውድ ደንበኛችን፣ ሲስተማችን እየተሻሻለ ስለሆነ ገንዘብ ማውጣት ለጊዜው ቆሟል። እስከዚያ ሁለት አዲስ አባል ያስገባ ሰው ቅድሚያ ያገኛል።» ሰዒድ ስልኩን አስቀመጠ። የሐጂ ስድስተኛ ወር መድረሱ ገባው። የቀረችው 20 ሺህ ብሩ አለቀላት።

የእህቱ 300 ሺህ ብር ግን ባንክ ውስጥ ነበር። አልሐምዱሊላህ።

ከባዱ እትዬ ዘሀራ ዘንድ መሄዱ ነበር። ስለራሱ ኪሳራ ማዘን ይቀላል፤ በእሱ ቃል የገባችውን ሴት ማየት ግን ሌላ ነው። ከመደባቸው ጎን በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ያስገባሁዎት ነገር ንግድ አልነበረም። በእርስዎ ስም ለእኔ 5 ሺህ ብር ገብቶልኛል፤ ሳልነግርዎት ቀረሁ። ይኸው።»

እትዬ ዘሀራ ብሩን አዩት፤ አልተቀበሉትም። «የቀረውስ?»

50 ሺህ አስገብተዋል፤ 20 ሺህ ተቀብለዋል። 5 ሺዋ ስትጨመር 25 ሺህ ይቀራል። ሰዒድ ከበርበሬው እየቆጠበ ሊከፍላቸው ቃል ገባ። «በየወሩ ስንት?» ሲሉት ቁርጥ ያለ ቁጥር አልነገራቸውም። «ገበያው እንደሰጠኝ» አላቸው። በአንዱ ወር 4 ሺህ ሰጣቸው፤ በሌላው 1,500፤ አንድ ወር ዝናብ ሁለት ጆንያ በርበሬ አበላሽቶበት ምንም አልሰጣቸውም፤ ሄዶ ነገራቸው። ዱዓቸውን ለተወሰነ ጊዜ አቁመው ነበር ይባላል፤ አልፈርድባቸውም።

ለእህቱም ደወለላት። ሊያደርግ የነበረውን ሁሉ፣ ያለ ፈቃዷ ሊያስገባው እንደነበረ ሳይደብቅ ነገራት። ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ፣ ገንዘቡ ባንክ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ከእሱ ጋር በበርበሬ ልትሠራበት እንደምትፈልግ ተናገረች። ሰዒድ ድርሻውን አስረዳት፤ ከትርፉ ግማሹ የእሷ፣ ግማሹ የእሱ።

«ቢከስርስ?» አለችው።

«ከከሰረ ካንቺ ገንዘብ ይጎድላል፤ እኔ ድካሜን አጣለሁ። አይከስርም ብዬ ቃል አልገባልሽም።»

እህቱ ትንሽ አሰበች።

«እንግዲያው ግማሹን ብቻ ያዝ» አለችው። «ግማሹ እዚያው ባንክ ይቀመጥ።»